ወደ ሙታን አገር የወረዱት ምን ትተው ተመለሱ? ስለ ኢናና ግጥም የቀረበ ሐተታ

ስለ ሙታን አገር ጉዞ የሚናገሩትን ጥንታውያን ተረቶች ለተማሪዎቼ ማስተማር ስጀምር፥ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አስቀድሜ አቀርባለሁ። ይኸውም «ጀግናው ወደ ሙታን አገር የሚወርደው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱ ዘወትር አንድ ዐይነት ነው። የሚወደውን ሰው ሊያወጣ፥ ወይም ለሕዝቡ የሚጠቅም ነገር ሊያመጣ ይወርዳል ይሉኛል። ቀጥዬም «ሲወርድ ምን ይሰጣል? ሲመለስስ በስፍራው ማንን ይተዋል?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። እኔም በውጭ አገር ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ እንዲሁ ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁ። የጀግናውን ጕልበትና ያመጣውን ምርኮ እንጂ፥ በደጃፉ ላይ የከፈለውን ዋጋ ለመቍጠር አላሰብሁም ነበር።

ይህን ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከሁሉ አስቀድሞ የሱመር ሰዎች ስለ ኢናና የተናገሩት ግጥም ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዓለምን ተረቶች ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ፥ ይህን አንድ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትዬ፥ የሙታን አገር ጉዞ በምን ዐይነት ሥርዐት እንደ ተሠራ ለማሳየት እሞክራለሁ። በኋላም ከሁለት ሌሎች ታሪኮች ጋር አነጻጽረዋለሁ። የምከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። በእንደነዚህ ያሉት ተረቶች የሙታን አገር በጕልበት የሚዘረፍ ምሽግ አይደለም። የራሱ ሕግ ያለው ቤት ነው። ሕጉም ሁለት ክፍል አለው፤ የሚገባ ሰው በላይኛው ዓለም የታወቀበትን ነገር በደጃፉ ያስረክባል፤ የሚወጣም በስፍራው ሌላ ይተካል።

ስለ ግጥሙ መጀመሪያ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ግጥሙ የተገኘበት አኳኋን ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሊቃውንት አስቀድመው ያወቁት የሱመሩን ሳይሆን፥ በኋላ ዘመን በአካድ ቋንቋ የተጻፈውን አጭሩን የኢሽታር ታሪክ ነው። ይህም በነነዌ በንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሸክላ ሰሌዳ ላይ በሽብልቅ ጽሕፈት ተጽፎ ተገኘ። በዚያ ታሪክ ኢሽታር ወደ ሙታን አገር ትወርዳለች፤ በሰባት ደጃፎች ትገፈፋለች፤ በኋላም ትወጣለች። መጨረሻው ላይ ግን በቂ መግለጫ ሳይሰጥ የባልዋ የተሙዝ ስም በድንገት ይነሣል። ይህ ተሙዝ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 8 ሴቶች በኢየሩሳሌም መቅደስ ደጃፍ ተቀምጠው ያለቅሱለት የነበረው ነው። ከዚህ ተነሥተው ሊቃውንቱ፥ ከእነርሱም መካከል ታዋቂው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ፍሬዘር፥ እመቤቲቱ የወረደችው የሞተውን ባልዋን ፈልጋ ልታወጣ ነው ብለው ደመደሙ። ተሙዝ በየዓመቱ የሚሞተው እህል ነው፤ ኢሽታርም እርሱን የምታስነሣው የምድር ለምነት ናት ተባለ። ትርጓሜው ያማረና ለማስታወስም የሚቀል ስለ ነበረ በብዙ መጻሕፍት ተሠራጨ።

የሱመሩ ግጥም ግን 400 መስመር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፥ ብዙዎቹ ቅጂዎች የተጻፉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700ዎቹ ዓመታት ግድም ነው። በኒፑር ከተማ ፍርስራሽ የተገኙት ስብርባሪዎች ከፊሉ ወደ ኢስታንቡል፥ ከፊሉ ወደ ፊላዴልፊያ ቤተ መዘክር ተከፍለው ስለ ሄዱ፥ የአንዱ ሰሌዳ የላይኛው ግማሽ በአንድ አገር፥ የታችኛው ግማሽ በሌላ አገር ተቀምጦ ኖሮአል። ይህንን ስብርባሪ በትዕግሥት አገጣጥመው ግጥሙን ለንባብ ካበቁት ሊቃውንት ዋናው ሳሙኤል ኖኅ ክሬመር ነበሩ። መጨረሻው ግን ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ ቈየ። እ.ኤ.አ. በ1951 ክሬመር ቀጣዩን ክፍል ባሳተሙ ጊዜ፥ ከተጠበቀው ተቃራኒ የሆነ ነገር ታየ። ኢናና ባልዋን ልታወጣ አልወረደችም። ይልቁንም በራስዋ ፈንታ አሳልፋ የሰጠችው እርሱን ነው። የፍሬዘር ትርጓሜ በዚህ ቦታ መሠረቱ ተናጋ። እንግዲህ የጐደለውን ገጽ በምኞት መሙላት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ኢናና የሰማይ ንግሥት ናት። አንድ ቀን ልብዋን ከላይኛው ዓለም ወደ ታችኛው ዓለም መለሰች። ምን ፈልጋ እንደ ሆነ ገጣሚው አይነግረንም። በሰባት ከተሞች ያሉትን ቤተ መቅደሶችዋን ትታ፥ የሥልጣንዋ ምልክት የሆኑትን ሰባት ነገሮች ለበሰችና ያዘች፤ ለመንገድም ተዘጋጀች። ከመሄድዋ በፊት ግን ታማኝ ሎሌዋን ኒንሹቡርን ጠርታ፥ ሳልመለስ ብቀር አልቅሺልኝ፥ ልብስሽን ቀይረሽ ወደ ሦስቱ አማልክት ወደ ኤንሊል፥ ወደ ናና፥ ወደ ኤንኪ ሄደሽ ለምኚልኝ ብላ አዘዘቻት። ይህ ትእዛዝ ከሁሉ አስቀድሞ መምጣቱን አንባቢ ልብ ይበል። ወደዚያ አገር የሚወርድ ሰው ከላይ አንድ የሚያስበው ሰው መተው አለበት፤ በራሱ ጕልበት ብቻ የሚመለስ የለምና።

ከደጃፉ እንደ ደረሰች በረኛው ኔቲ፥ ማንም የማይመለስበትን መንገድ ለምን መጣሽ ብሎ ጠየቃት። እርስዋም የእኅትዋ የኤሬሽኪጋል ባል ስለ ሞተ ለቀብር ሥርዐቱ መጣሁ ብላ መለሰች። ኤሬሽኪጋል የሙታን አገር ንግሥት ናት። ይህንን በሰማች ጊዜ ሰባቱ ደጃፎች እንዲቈለፉ፥ እያንዳንዱም ጥቂት ብቻ እንዲከፈት፥ እንግዳዪቱም እየተገፈፈች እንድትገባ አዘዘች። በመጀመሪያው ደጃፍ የራስዋን ጥምጥም ወሰዱባት። በሁለተኛው በአንገትዋ ያለውን የሰማያዊ ዕንቍ ጌጥ፥ በሦስተኛው በደረትዋ ያሉትን መንታ ዕንቍዎች፥ በአራተኛው የደረትዋን ሰሌዳ፥ በአምስተኛው ከእጅዋ የወርቅ ቀለበትዋን፥ በስድስተኛው የመለኪያ ዘንግዋንና ገመድዋን፥ በሰባተኛውም የንግሥትነት ቀሚስዋን ገፈፉአት። በየደጃፉ ይህ ምንድን ነው ብላ ስትጠይቅ፥ ዝም በይ፥ የታችኛው ዓለም ሥርዐት የተፈጸመ ነው፥ አፍሽን አትክፈቺ የሚል አንድ መልስ ብቻ ተሰጣት።

ይህ መገፈፍ ዘረፋ አይደለም። ዘራፊ ቢሆን ኖሮ አንዴ ሁሉን ይወስድ ነበር። የተወሰደውም ነገር በከንቱ የተመረጠ አይደለም። ጥምጥም የመግዛት ምልክት ነው፤ ዘንግና ገመድ መሬትን ለክቶ የመፍረድ ሥልጣን ነው፤ ጌጡ ደግሞ የምትወደድ ሴት የሚያሰኛት ነው። ይህ ሁሉ ሲወድቅ ኢናና የምትባለው ሰው ምን ቀራት? ተጐንብሳ ራቁትዋን ወደ እኅትዋ ፊት ቀረበች። ሰው ወደ መቃብር ሲወርድ ሹመቱን፥ ሀብቱን፥ ውበቱንም ይዞ አይገባም የሚለውን እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ አነጋገር የሚናገረውን ነገር፥ የሱመሩ ገጣሚ እንደ ቍጥር አስቈጥሮ አሳየ። ኢናና ግን በዚህ ደረጃ እንኳ ልብዋን አልሰበረችም፤ እኅትዋን ከዙፋንዋ አስነሥታ በላዩ ተቀመጠችበት። እዚያ ላይ ሰባቱ ዳኞች ፈረዱባት፤ የሞት ዐይን ተመለከታት፤ ሬሳ ሆነች፤ ሬሳውም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልብስዋን አወለቀች እንጂ ምኞትዋን አላወለቀችምና፥ የቀረውን ሞት ገፈፈው ማለት ይቻላል።

ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ካለፈ በኋላ ኒንሹቡር እንደ ታዘዘችው አደረገች። ኤንሊልና ናና ግን እንቢ አሉ። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ቃል ነው፤ የላይኛውን የተመኘ፥ የታችኛውንም የተመኘ፥ ወደዚያ የደረሰ እዚያው ይቀራል አሉ። ኤንኪ ብቻ አዘነ። እርሱም ጦር አልላከም። ከጥፍሩ ሥር ያለውን ጕድፍ አውጥቶ ሁለት ትናንሽ ፍጡራንን ሠራ፤ ለአንዱ ሕይወት የሚሰጥ ቅጠል፥ ለሁለተኛው ሕይወት የሚሰጥ ውሃ ሰጣቸው። እነርሱም እንደ ዝንብ በደጃፉ ሾልከው ገቡ።

በዚህ ቦታ ያለው ነገር በግጥሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። ሁለቱ ሲገቡ ኤሬሽኪጋል ምጥ እንደ ያዛት ሴት ተጋድማ፥ በትከሻዋ ላይ ልብስ ሳይኖር ታቃስት ነበር። ወይ ልቤ ስትል እነርሱም ወይ ልብሽ ይላሉ፤ ወይ ሆዴ ስትል እነርሱም ወይ ሆድሽ ይላሉ። በእኛ አገር ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ከሐዘንተኛው ጋር ድምፁን አስተባብሮ እንደሚያለቅስ ማለት ነው። የሙታን ንግሥት ይህን የመሰለ ነገር ሰምታ አታውቅም ኖሮ ልብዋ ራራ። ወንዝ ሙሉ ውሃ፥ እርሻ ሙሉ እህል ልስጣችሁ አለቻቸው። ኤንኪ አስቀድሞ አስጠንቅቆአቸው ነበርና አልተቀበሉም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሬሳ ብቻ ስጪን አሉ። ሰጠቻቸው፤ ቅጠሉንና ውሃውን ረጩባት፤ ኢናናም ተነሣች።

እንግዲህ በሩን የከፈተው ኀይል አይደለም፥ ብልሃትም ብቻ አይደለም። የሙታን አገር እመቤት ራስዋ ሥቃይ እንዳለባት አውቆ አብሮ ማቃሰት ነው። ከዚያም ቀጥሎ የተሰጠውን እህልና ውሃ አለመቀበል ነው። የዚያን አገር እህል የበላ የዚያ አገር ሰው ይሆናልና። በግሪኮች ታሪክ ፐርሰፎኔ አንዲት የሮማን ፍሬ ስለ ቀመሰች ከዓመቱ ሢሶውን እዚያ እንድትኖር የተፈረደባት በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢናና ግን ስለ ተነሣች ብቻ አልወጣችም። ዳኞቹ ያዝዋትና፥ ከሙታን አገር ደኅና ሆኖ የወጣ ማን ነው? ልትወጪ ብትወጂ ምትክ ስጪ አሉአት። ከዚህ ወዲያ የታችኛው ዓለም ጭፍሮች እየከበቡአት ወጣች። ገጣሚው ስለ እነዚህ ጭፍሮች ሲናገር መብል የማያውቁ፥ መጠጥ የማያውቁ፥ እጅ መንሻ የማይቀበሉ ናቸው ይላል። ይህም ማለት በጉቦም ሆነ በልመና የማይመለሱ ናቸው።

በመንገድ ላይ አራት ሰዎችን አገኙ። መጀመሪያ ኒንሹቡር በትቢያ ውስጥ ወድቃ፥ የሐዘን ልብስ ለብሳ ነበረች። ጭፍሮቹ እርስዋን እንውሰድ ሲሉ ኢናና ከለከለች፤ ይህች የመከረችኝና ነፍሴን ያዳነች ናት አለች። በኡማ ከተማ ሻራን፥ በባድቲቢራ ሉላልን አገኙ፤ ሁለቱም በሐዘን ልብስ ትቢያ ላይ ነበሩና እነርሱንም አልሰጠችም። በኡሩክ ሜዳ ግን በታላቁ የፖም ዛፍ ሥር ባልዋ ዱሙዚ ያማረ ልብስ ለብሶ በዙፋን ላይ ተቀምጦ አገኙት። ኢናና ተመለከተችው፤ ያም አመለካከት ዳኞቹ እርስዋን የተመለከቱበት የሞት አመለካከት ነው። ገጣሚው ቃሉን ሳይለውጥ ስለ ደገመው ነገሩ ግልጥ ነው፤ ኢናና ከሙታን አገር ያመጣችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ዐይን ነው። ወርቅ አላመጣችም፥ መድኀኒት አላመጣችም። የመፍረድና የመግደል ኀይል አመጣች፤ እርሱንም በገዛ ቤትዋ ላይ አዋለችው።

ዱሙዚ ምን በደለ? ሚስቱ ስትሞት ልብሱን አላወለቀም። በሰባቱ ደጃፎች ኢናና የገፈፈችውን ጌጥና ዙፋን፥ እርሱ በላይኛው ዓለም ይዞ ቈየ። ከሐዘንተኞቹ ሦስቱ በፈቃዳቸው ትቢያ ላይ በመውደቃቸው ከሙታን ጋር ቀድመው ተካፍለው ነበር፤ ከእነርሱ የሚወሰድ ነገር አልነበረም። ከዱሙዚ ግን ያልተከፈለው ዕዳ ተወሰደ። ስለዚህ የግጥሙ ሁለት ግማሾች፥ መውረዱና መውጣቱ፥ በአንድ ሐሳብ የተሳሰሩ ናቸው። በፈቃዱ ያላወለቀ በግድ ይገፈፋል።

ሆኖም ታሪኩ በዚህ አላለቀም። ከኡር ከተማ የተገኘ አንድ ሰሌዳ፥ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዱት፥ ዱሙዚ ለዘላለም እንዳልቀረ ገለጠ። ቀድሞ ራሳቸው ዱሙዚ አይመለስም ብለው ጽፈው ነበርና፥ የገዛ ሐሳባቸውን በግልጥ ማረማቸው ለማንኛውም ተመራማሪ አርአያ ነው። በዚህ ክፍል መሠረት ዱሙዚ ዓመቱን ግማሽ፥ እኅቱ ጌሽቲናና ዓመቱን ግማሽ በሙታን አገር እንዲኖሩ ተወሰነ። እነሆ የወቅቶች ትርጓሜ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አሁንም ቢሆን ዱሙዚን ያወጣው የኢናና ፍለጋ ሳይሆን የእኅቱ መተካት ነው፤ ሕጉ አልተሻረም፥ ዕዳው ለሁለት ተከፈለ እንጂ። በሙታን አገር ያለው የሰው ቍጥር አልጐደለም።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ መልካም ልዩነት ይሰጠናል። «ምትክ» እና «ቤዛ» አንድ አይደሉም። ምትክ ማለት በሌላው ስፍራ የቆመ ነው፤ ወዶም ይሁን ተገዶ፥ ስሌቱ ከሞላ ይበቃል። ቤዛ ግን ስለ ሌላው ራሱን የሰጠ ነው። ዱሙዚ ምትክ ነው። ጌሽቲናናን ቤዛ እንበላትን? የመጨረሻው ክፍል ስለ ፈቃድዋ በግልጥ አይነግረንም፤ ነገር ግን «የዱሙዚ ሕልም» በተባለው ሌላ ግጥም ጭፍሮቹ ወንድምዋ የተሸሸገበትን ቦታ እንድትናገር ቢያስጨንቁአት እንቢ ያለች፥ ወዳጁ ሲሸጠው እርስዋ ያልሸጠችው እኅት ናት። ያንን የሚያውቅ የሱመር አድማጭ ይህን ሲሰማ ቤዛ መሆንዋን ይጠረጥር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሕጉ የአንድ ግጥም ብቻ እንዳይመስል ከዚያው አገር ሌላ ምሳሌ ልጨምር። የጊልጋሜሽ ወዳጅ ኤንኪዱ፥ ወደ ታችኛው ዓለም የወደቁትን የጌታውን ሁለት የእንጨት ዕቃዎች ላምጣ ብሎ ወረደ። ጊልጋሜሽ ከመሄዱ በፊት መከረው፤ ንጹሕ ልብስ አትልበስ፥ ሽቱ አትቀባ፥ ጫማ አታድርግ፥ በትር አትያዝ፥ የምትወደውን አትሳም፥ የምትጠላውን አትምታ አለው። ኤንኪዱ ምክሩን ሁሉ ተላለፈ፤ ምድርም ያዘችው። ይህ የኢናና ታሪክ ተገልብጦ ነው። ኢናና ያላት ሁሉ በግድ ተወሰደባት፤ ኤንኪዱ ያለውን በፈቃዱ እንዲተው ተመክሮ አልተወም፤ ስለዚህ ራሱ ተወሰደ። በመጨረሻም መሬት ጥቂት ተከፍታ መንፈሱ እንደ ነፋስ ወጣና ጊልጋሜሽን አነጋገረው። የእንጨት ዕቃዎቹ አልመጡም። የመጣው ወሬ ነው፤ አንድ ልጅ ያለው ሟች ምን እንደሚሆን፥ ሰባት ልጆች ያሉት ምን እንደሚሆን፥ የሚያስታውሰው የሌለው ምን እንደሚበላ ነገረው። ሊፈልጉት የወረዱት ነገር ቀርቶ ያልፈለጉት ዕውቀት መምጣቱ በእነዚህ ታሪኮች የተለመደ ነው።

ከሌላ ሕዝብ ደግሞ ሁሉ የሚያውቀውን ኦርፌዎስን እንውሰድ። ሚስቱ ኤውሪዲኬ በእባብ ተነድፋ ስትሞት በገናውን ይዞ ወረደ፤ በዜማው የሙታንን ነገሥታት ልብ አራራ፤ ሚስቱ ተሰጠችው፤ ወደ ኋላ እንዳይመለከት ታዘዘ፤ ተመለከተ፥ አጣትም። አብዛኛው አንባቢ ጥፋቱን በዚያች በአንዲት ዐይን ዘወር ማለት ላይ ያሳርፋል። በፕላቶን «ሲምፖዚዮን» ውስጥ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ፌድሮስ ግን ሌላ ምክንያት ይሰጣል። ኦርፌዎስ ስለ ፍቅሩ ሊሞት አልደፈረም፥ ሕያው ሆኖ ለመግባት ብልሃት ፈለገ፤ ስለዚህ አማልክት ጥላዋን ብቻ አሳይተው ሰደዱት ይላል። በአንጻሩም ስለ ባልዋ የሞተችውን አልኬስቲስን ያነሣል፤ እርስዋ ነፍስዋን ስለ ሰጠች ነፍስዋ ተመለሰችላት። ይህ ፍርድ ጨካኝ ሊመስል ይችላል፤ ከኢናና ሕግ ጋር ግን ፈጽሞ የተስማማ ነው። የኦርፌዎስ ዜማ ልክ እንደ ሁለቱ ትናንሽ ፍጡራን ማቃሰት በሩን ከፈተ። ነገር ግን በደጃፉ አንዳች አላስረከበም፤ በገናውንም እንኳ ይዞ ገባ፥ ይዞም ወጣ። በኤውሪዲኬም ስፍራ ማንም አልቀረም። ምትክ ያልቆመላት ነፍስ በመንገድ ላይ ተመለሰች።

ስለዚህ የዚህን ዐይነት ታሪክ የሚመረምር ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። በደጃፉ ምን ተወሰደ? በሩን የከፈተው ምንድን ነው? ተጓዡ ሲወጣ በስፍራው ማን ቀረ? ለሦስተኛው መልስ የማይገኝ ሲሆን፥ ወይ ጀግናው አይወጣም፥ ወይ ያወጣው ነገር ከእጁ ይጠፋል፥ ወይም ታሪኩ ከነጭራሹ ሌላ ዐይነት ነው።

ለዚህ ለሌላው ዐይነት የቅርብ ምሳሌ በእጃችን አለ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ፥ ሄኖክ በመላእክት እየተመራ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቈዩባቸውን ቦታዎች እንዳየ በምዕራፍ 22 ይናገራል። ሄኖክ ግን አልተገፈፈም፤ ምትክም አልተጠየቀም። ሄኖክ ጐብኚና ምስክር ነው። መሪ መልአክ አለው፤ ይጠይቃል፥ ይመለስለታል፥ የሰማውንም ይጽፋል። የሙታን አገር ሕግ የሚይዘው ወደዚያ ገብቶ አንድ ነገር ሊወስድ ወይም ሊገዛ የሚሻውን እንጂ፥ እንዲያይ የተላከውን አይደለም። እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ስም ጠቅልሎ «የሙታን አገር ጉዞ» ማለት ብዙ ስሕተት አስከትሏል።

በዚህ ረገድ በሰፊው ከሚነበበው ከጆሴፍ ካምቤል መጽሐፍ ጋር መከራከሬ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1949 በታተመው ስለ ጀግና በጻፉት መጽሐፍ፥ ጀግና ሁሉ ይሄዳል፥ ይፈተናል፥ ለሕዝቡ በረከት ይዞ ይመለሳል የሚል አንድ መልክ አወጡ፤ የኢናናንም መውረድ ከምሳሌዎቻቸው አንዱ አደረጉት። ኢናና ከእኅትዋ ጋር መገናኘትዋ ሰው ከራሱ ከተሰወረው ገጽ ጋር መታረቁ ነው አሉ። ሐሳባቸው ጥልቅ ነው፤ መገፈፉንም በትክክል ተመልክተዋል። ነገር ግን መጽሐፋቸው በወጣ ጊዜ የዱሙዚ ክፍል ገና አልታተመም ነበር። ዛሬ ግን ሙሉው ግጥም በፊታችን ሳለ፥ የኢናናን ታሪክ በመነሣትዋ ላይ አቁሞ የድል ታሪክ ማድረግ አይቻልም። ለኡሩክ ሕዝብ ምን በረከት መጣለት? ጭፍሮች መጡበት፤ እረኛው ንጉሥ ተወሰደበት።

እኔም በበኩሌ ያቀረብሁትን ሕግ ለዓለም ሁሉ ተረት ላድርገው አልልም። ከሱመር ወደ ግሪክ አገር ሐሳቡ ተጕዞ ይሁን፥ ወይም ሞትን ያየ ሰው ሁሉ ከየራሱ ተነሥቶ ደርሶበት ይሁን፥ ከሦስት ታሪኮች ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ተመራማሪ የተመለሰውን ጀግና ሲያይ የቀረውንም ይቍጠር።

የሱመሩ ገጣሚ ራሱ ይህን ያደረገ ይመስለኛል። 400 መስመር ያህል ስለ ኢናና ከተናገረ በኋላ፥ ግጥሙን የሚዘጋው ኢናናን በማመስገን አይደለም። የመጨረሻው ምስጋና የቀረበው ለኤሬሽኪጋል ነው። ይህን መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ የጸሐፊ ስሕተት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። ከላይ የመጣችው እንግዳ ገብታ ወጣች፤ በዳኝነትዋ አንዳች ሳይጐድልባት በቤትዋ የቀረችው እርስዋ ናትና።